የአስም ታካሚዎች የድንገተኛ ክፍል ምልልስ፦ ፖይሰንን ትተን ኔጌቲቭ ባይኖሚያልን ለምን መረጥን

ይህ ሪፖርት ለክሊኒካችን ሐኪሞች፣ ነርሶችና ለአስተዳደሩ የተጻፈ ነው። ጥያቄው አንድ ነው። ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ዙሪያ ከሚመጡልን የአስም ታካሚዎች መካከል ድንገተኛ ክፍል የሚመላለሱት የትኞቹ ናቸው?

መልሱን ላስቀድም። መከላከያ ኢንሄለራቸውን የሚያቆራርጡ ታካሚዎች በአግባቡ ከሚወስዱት 1.74 እጥፍ ይመላለሳሉ። አቧራ ያለበት ሥራ ላይ የሚውሉትም ይበዛሉ። በከሰል ስለሚያበስሉት ግን በዚህ መረጃ አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም። ፖይሰን በሚባለው የተለመደ የቆጠራ ሞዴል ላይ ብንቆም ኖሮ ከሰሉንም አክለን እንጽፍ ነበር፤ የመረጥነው ግን ኔጌቲቭ ባይኖሚያል የሚባለውን ሌላ የቆጠራ ሞዴል ነው። ስለ ሞዴል ምርጫው ሰፋ አድርጌ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መረጃው

ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በአስም ክትትል መዝገብ ላይ የነበሩ 312 አዋቂ ታካሚዎችን ወስደናል። የተቆጠረው እያንዳንዱ ሰው አስሙ ተነስቶበት ስንት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል እንደገባ ነው። ለቀጠሮ የመጣ ወይም መድኃኒት ሊወስድ ብቅ ያለ አልተቆጠረም።

ሁሉም ሰው ዓመቱን ሙሉ እኛ ጋ አልቆየም። አንዳንዱ ዘግይቶ ተመዘገበ። ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ሲነካ ከፒያሳ ወደ ከተማው ዳር የሄዱም አሉ። አራት ወር የታየን ሰው ዓመት ሙሉ ከታየ ጋር በእኩል ማወዳደር ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ የክትትሉን ወራት ሎጋሪዝም ሞዴሉ ውስጥ ኦፍሴት አድርገን አስገብተናል። እንዲህ ሲሆን የምናወዳድረው ድፍን ቁጥሩን ሳይሆን በወር የሚደርሰውን መጠን ነው። በአማካይ አንድ ታካሚ 10 ወር ታይቷል።

በጠቅላላው 655 ምልልስ ተመዝግቧል፤ ለአንድ ሰው 2.1 ማለት ነው። ይህ አማካይ ግን ብቻውን ያሳስታል። 121 ሰዎች አንድም ቀን አልመጡም። 18 ሰዎች ደግሞ ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ መጥተዋል፤ ከፍተኛው 23 ነው። እነዚህ 18 ሰዎች ብቻ 204 ጊዜ ገብተዋል። ከጠቅላላው ምልልስ ወደ ሲሶ የሚጠጋው በእነሱ ነው።

ፖይሰን የሚጠይቀውና መረጃው የሚለው

ቆጠራ ሲገጥመን መጀመሪያ የምንሞክረው ፖይሰን ሪግሬሽንን ነው። ልክም ነው፤ ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች አይወርዱም፣ ክፍልፋይም የላቸውም። ፖይሰን ግን አንድ ጥብቅ ነገር ይጠይቃል፦ የቁጥሮቹን መበታተን የሚለካው ቫሪያንስ ከአማካዩ ጋር እኩል ይሁን ይላል። አማካዩ 2.1 ከሆነ ቫሪያንሱም 2.1 አካባቢ መሆን አለበት።

የእኛ ቫሪያንስ 9.4 ነው። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ሞዴሉ ከሚፈቅደው በላይ ሲበታተኑ ኦቨርዲስፐርሽን አለ እንላለን።

በዜሮዎቹ በኩል ደግሞ እንየው። አማካዩ 2.1 በሆነ ፖይሰን ዜሮ የሚሆነው ድርሻ 12 በመቶ ብቻ ነው። ከ312 ሰው 38 መሆኑ ነው። እኛ ያገኘነው 121 ነው።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥሬው ቫሪያንስ መብለጡ ብቻውን ፖይሰንን አይጥለውም። ልዩነቱን ዕድሜው፣ ሥራው ወይም የመድኃኒት አወሳሰዱ ያስረዳው ይሆናል። መታየት ያለበት እነዚህ ሁሉ ከገቡ በኋላ የሚተርፈው መበታተን ነው። እኛም አስገብተን አየን። ይህን የተረፈ መበታተን የሚለካው ሬሾ፣ የፒርሰን ካይ ስኩዌር ለዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ ሲካፈል፣ 3.6 ወጣ። ለፖይሰን ወደ 1 መጠጋት ነበረበት። የምናውቀውን ሁሉ ከነገርነው በኋላም ብዙ ያልተነገረው ነገር አለ ማለት ነው።

ከየት መጣ?

ይህን ከፎርሙላ ይልቅ ከካርዶቹ ላይ ማየት ይቀላል። አንዲት ታካሚ በጥቅምት ወር በ9 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ገብታለች። ማታ ትመጣለች፣ ኔቡላይዘር ይደረግላታል፣ ሲሻላት ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ትመለሳለች። ፖይሰን እነዚህን ሦስት ምልልሶች እርስ በርስ እንደማይተዋወቁ ይቆጥራቸዋል። ነርሶቻችን ግን በደንብ ያውቁታል፤ ያልበረደ አስም ሌላ ጥቃት ይጠራል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰዉ መለያየት ነው። ሁለት ሰዎች በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሥራና በመድኃኒት አወሳሰድ አንድ ዓይነት ሆነው አንዱ ሰባቴ፣ ሌላው ዜሮ ሊመጡ ይችላሉ። የበሽታው ክብደት፣ የቤቱ እርጥበት፣ አለርጂው፣ የሚወስድ የሚመልስ ሰው መኖሩ፣ ይህ ሁሉ መዝገባችን ላይ የለም።

ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ለዚህ ያልታየ ልዩነት ቦታ ይሰጣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መጠን እንዳለው ያስባል፤ እነዚህ መጠኖች ከሰው ሰው በጋማ ስርጭት ይለያያሉ ይላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግሪንዉድና ዩል በ1920 እ.ኤ.አ. በጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የደረሱ አደጋዎችን ሲተነትኑ የተጠቀሙበት ነው። እዚያም አደጋው ጥቂቶች ላይ ይደጋገም ነበር።

በዚህ ሞዴል ቫሪያንሱ `μ + αμ²` ይሆናል፤ μ አማካዩ ነው፣ α (አልፋ) ደግሞ የትርፍ መበታተኑ ልክ። አልፋ ዜሮ ከሆነ ፖይሰን ይመለሳል። የእኛ አልፋ 1.31 ነው፤ የ95% መተማመኛ ክልሉ ከ1.02 እስከ 1.68። ከዜሮ በጣም ይርቃል። ትንተናውን በ R ደግማችሁ ለምትሠሩ፦ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ቴታን ነው፤ ቴታ የአልፋ ግልባጭ ነው። ስክሪን ላይ 0.76 ብታዩ አትደናገጡ፤ ያው 1.31 ነው።

```r
library(MASS)
p  <- glm(visits ~ adherence + dust + charcoal + age10 + sex +
          offset(log(months)), family = poisson, data = d)
nb <- glm.nb(visits ~ adherence + dust + charcoal + age10 + sex +
          offset(log(months)), data = d)
```

ሁለቱን ማወዳደር

ሞዴሎችን ለማወዳደር የሚያገለግለው AIC ለፖይሰን 1568፣ ለኔጌቲቭ ባይኖሚያል 1172 ነው። ዝቅ ያለው ይሻላል፤ እዚህ ልዩነቱ የሚያከራክር አይደለም። የላይክሊሁድ ሬሾ ፈተናው 398 ወጣ፣ p ከ0.001 በታች። አልፋ ከዜሮ በታች ስለማይወርድ ይህ ፈተና ድንበር ላይ የሚደረግ ነው፤ የተለመደው p በግማሽ ይወሰዳል። በዚህ መጠን ግን የሚቀይረው ነገር የለም። የፒርሰኑ ሬሾም ከ3.6 ወደ 1.05 ወርዷል።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ሌላ ነው። ሁሉም ሁኔታዎች የገቡባቸውን ሁለቱን ሞዴሎች ‘ስንት ሰው ጭራሽ አይመጣም?’ ብለን ጠየቅናቸው። ፖይሰን 52 አለ፣ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል 119። እውነቱ 121 ነው። ‘ስምንትና ከዚያ በላይ የሚመጣውስ?’ ስንል ፖይሰን 2፣ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል 19 አለ። የመጡት 18 ናቸው። ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ዜሮዎቹን ያለ ተጨማሪ ክፍል ስለገለጻቸው ለዜሮዎች የተለየ ክፍል ወዳላቸው፣ ዜሮ ኢንፍሌትድ ወደሚባሉት ሞዴሎች መሄድ አላስፈለገንም።

ውጤቱ

ከታች ያለው የምጣኔ ሬሾ ነው። 1 ማለት ልዩነት የለም፤ ሌሎቹ ሁኔታዎች እኩል ሲሆኑ ይነበባል። በቅንፍ ያለው የ95% መተማመኛ ክልል ነው።

| ሁኔታ | ፖይሰን | ኔጌቲቭ ባይኖሚያል |
|---|---|---|
| መከላከያ ኢንሄለር ማቆራረጥ | 1.79 (1.53–2.10) | 1.74 (1.27–2.38) |
| አቧራ ያለበት ሥራ | 1.52 (1.28–1.81) | 1.48 (1.04–2.11) |
| ቤት ውስጥ በከሰል ማብሰል | 1.24 (1.05–1.46) | 1.21 (0.87–1.68) |
| ዕድሜ፣ በየ10 ዓመቱ | 1.07 (1.01–1.13) | 1.06 (0.95–1.18) |
| ሴት መሆን | 1.17 (1.00–1.37) | 1.15 (0.84–1.57) |

ሬሾዎቹ ራሳቸው ብዙም አልተነቃነቁም። የተለወጠው የመተማመኛ ክልሎቹ ስፋት ነው። የፖይሰን ስታንዳርድ ኤረሮች ከትክክለኛው ግማሽ ያህል ናቸው። 655 ምልልሶችን እንደ 655 የማይተዋወቁ ምስክሮች ስለሚቆጥራቸው የሌለውን እርግጠኝነት ይሰጠናል።

ከሰሉን ተመልከቱ። በፖይሰን p 0.01 ነው፤ ማንም ሰው ‘ተረጋግጧል’ ብሎ ይጽፈዋል። በኔጌቲቭ ባይኖሚያል 0.26 ሆነ። ይህ ግን ከሰል ለአስም አይጎዳም ማለት አይደለም። ክልሉ እስከ 1.68 ይደርሳል፤ በቤት ውስጥ ጭስ ላይ የምንሰጠው ምክርም መቀጠል አለበት። የምንለው ይህ መረጃ የከሰሉን ድርሻ ለመለየት አይበቃም ነው። በቀበሌ ቤት የሚኖሩ እናቶችን ‘ምልልስሽ ከከሰሉ ነው’ ብሎ ማሳቀቅ ከዚህ ቁጥር ተነስቶ አይቻልም።

የኢንሄለሩ ጉዳይ ግን በሁለቱም ጸንቷል። ከታችኛው ጫፍ ብንነሳ እንኳ 27 በመቶ ጭማሪ ነው። ቤክሎሜታዞኑን ትቶ ሲያፍነው ብቻ ሳልቡታሞል የሚነፋ ሰው ብዙ ነው፤ የሚያቆራርጡት 140 ታካሚዎች ናቸው። ማቆራረጡ ራሱ ምልልሱን ያመጣው እንደሆነ ወይም ሌላ ችግር ሁለቱንም እንደሚያመጣ ግን ይህ ትንተና አይለይም። አንዳንዱ የሚያቆራርጠው መድኃኒቱ ስለተወደደበት ነው፤ ገንዘብ ማጣት ደግሞ ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል።

‘ስታንዳርድ ኤረሩን ብቻ ለምን አናርመውም?’

ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፣ ተገቢም ነው። የፖይሰንን ስታንዳርድ ኤረሮች በትርፉ መበታተን ልክ የሚያሰፋውን ኳዚ ፖይሰንንም ሠርተነዋል። የኢንሄለሩ ሬሾ 1.79 (1.33–2.42)፣ የከሰሉ 1.24 (0.91–1.69) ሆነ። ድምዳሜው አንድ ነው። ጥያቄያችን ሬሾዎቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይበቃን ነበር። አስተዳደሩ ግን ‘በሚቀጥለው ዓመት ስንት ደጋግሞ የሚመጣ ታካሚ እንጠብቅ?’ ብሎ ጠይቋል። ኳዚ ፖይሰን ሙሉ ስርጭት ስለሌለው ለዚህ መልስ የለውም።

23 ጊዜ የመጣውን ታካሚ አውጥተን እንደገና ሞከርን። አልፋ ወደ 1.24 ወረደ፣ የኢንሄለሩ ሬሾ 1.71 ሆነ። ምርጫችን በአንድ ሰው ላይ የቆመ አይደለም።

የማይሸፈን አንድ ጉድለት አለ። አስሙ ሌሊት ተነስቶበት ቅርቡ ያለ ሌላ ሆስፒታል የገባ ሰው እኛ ጋ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ከ121ዱ ውስጥ እንዲህ ያሉ ይኖራሉ። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ በየቀጠሮው ‘ካለፈው ወዲህ ሌላ ቦታ ድንገተኛ ክፍል ገብተው ያውቃሉ?’ የሚል አንድ ጥያቄ ካርዱ ላይ እንዲጨመር እንጠይቃለን። መከላከያ ኢንሄለራቸውን ከሚያቆራርጡትም ቢያንስ ስምንት ጊዜ የመጡት ቀድመው በስልክ ይጠሩ፤ ለምን እንዳቆራረጡ ተጠይቀው ምክንያቱ ይመዝገብ።