የ25 በመቶ ድርሻ እና የትርፍ ክፍፍል፦ የዓመቱ የጆርናል ምዝገባ

ድርጅታችን በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የአንድን ኩባንያ 25 በመቶ አክሲዮን በ600,000 ገዛ። ቦርዱ ውስጥም አንድ ወንበር አለን። በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ አይኤኤስ 28 መሠረት 20 በመቶና ከዚያ በላይ የድምፅ መብት ያለው፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ በቀር፣ ጉልህ ተጽዕኖ አለው ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ይህ ተባባሪ ኩባንያችን ነው፤ የምንመዘግበውም በኢኩቲ ዘዴ ነው፤ ማለትም የኩባንያው ሀብት ሲጨምርና ሲቀንስ ኢንቨስትመንታችንን በድርሻችን ልክ እንጨምራለን፣ እንቀንሳለን።

የግዢ ዕለት
ዴቢት፦ ኢንቨስትመንት በተባባሪ ኩባንያ 600,000
ክሬዲት፦ ባንክ 600,000

የኩባንያው የተጣራ ሀብት በመዝገቡ 2,000,000 ነበር፤ የእኛ ሩብ 500,000 ነው። ታዲያ 100,000 ለምን ጨመርን? አንድ ማሽን ከትክክለኛ ዋጋው በ160,000 አንሶ ተመዝግቦ ነበር። ከዚህ የሚደርሰን 40,000 ነው። የቀረው 60,000 ከሀብቱ ድርሻችን በላይ የከፈልነው፣ ማለትም ጉድዊል ነው። ጉድዊሉ እዚያው ኢንቨስትመንቱ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በየዓመቱ አይቀነስም። ማሽኑ ግን 8 ዓመት የአገልግሎት ዘመን ይቀረዋል፤ ስለዚህ የእሱ 40,000 በየዓመቱ ይቀነሳል።

11ኛው ወር፣ ኩባንያው 120,000 የትርፍ ክፍፍል አወጀ
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ የትርፍ ድርሻ 30,000
ክሬዲት፦ ኢንቨስትመንት በተባባሪ ኩባንያ 30,000

12ኛው ወር፣ ገንዘቡ ገባ
ዴቢት፦ ባንክ 30,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ የትርፍ ድርሻ 30,000

እባካችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይህችኑ ዓይነት ክፍፍል ገቢ ብዬ መዘገብኳት። ገንዘቡ ባንክ ገብቷል፣ ገቢ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብዬ። አለቃዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ኩባንያው ይህን ገንዘብ ሲከፍል ሀብቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ቀነሰ። እንግዲህ የእኛም ሩብ አብሮ ይቀንሳል። ገቢውን የምንይዘው ኩባንያው ሲያተርፍ ነው። ክፍፍሉን ደግመን ገቢ ካልነው አንዱን ትርፍ ሁለቴ ቆጠርነው ማለት ነው።

የዓመቱ መጨረሻ፣ ኩባንያው 320,000 አተረፈ
ዴቢት፦ ኢንቨስትመንት በተባባሪ ኩባንያ 80,000
ክሬዲት፦ ከተባባሪ ኩባንያ የተገኘ የትርፍ ድርሻ 80,000

የማሽኑ ተጨማሪ እርጅና፣ 40,000 ለ8 ሲካፈል
ዴቢት፦ ከተባባሪ ኩባንያ የተገኘ የትርፍ ድርሻ 5,000
ክሬዲት፦ ኢንቨስትመንት በተባባሪ ኩባንያ 5,000

በገቢ መግለጫችን ላይ የሚታየው 75,000 ነው። የክፍፍሉን 30,000 ገቢ ብለነው ቢሆን ኖሮ 105,000 ይሆን ነበር። የታክስ ውጤቱን እዚህ አላስገባሁትም።

የኢንቨስትመንቱ ቀሪ ሂሳብ፦ 600,000 + 80,000 − 5,000 − 30,000 = 645,000።

ይህን ቁጥር በሌላ መንገድ ሳላረጋግጥ መዝገብ አልዘጋም። የኩባንያው የተጣራ ሀብት አሁን 2,200,000 ነው፤ ሩቡ 550,000። ከማሽኑ የቀረው 35,000 እና ጉድዊሉ 60,000 ሲደመሩበት 645,000 ይመጣል።