የመጀመሪያው ሙሌት

ኮንክሪቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ሠራተኞቹ እሷን አልፈው ፎርማኑን ያያሉ።

«ኢንጂነሯ አንቺ ነሽ?» አላት ፎርማኑ።

«አዎ ጋሼ።»

ሶሌታው ላይ ተንበርክካ ሜትሯን ዘረጋች። ፕላኑ ላይ የፌሮው ርቀት 15 ሳንቲም ነው። አንዱ ጋ 15፣ ጥጉ ጋ 22። ጣቷን ከፌሮው ስር ልትከት ሞከረች። አልገባም። ፌሮው ጣውላው ላይ ተኝቷል። የባሰው ይሄ ነው።

«ፌሮውን ከጣውላው የሚያነሳ ስፔሰር የለውም። እንዲህ ከተሞላ ብረቱ ይዝጋል፣ ሶሌታው ከስር ይረግፋል። ሙሌቱ ይቁም።»

«ኧረ በናትሽ! ስንቱን ሞልተናል» አለ አንዱ።

መልስ አልሰጠችም። ልቧ እየመታ እጅጌዋን ሰብስባ የመጀመሪያውን ስፔሰር ራሷ ከተተች። ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ እሱም ጣቱን ሞከረ። ቀና አለና ተጣራ፤

«ፌሮ ሠራተኞች! ሽቦና ፒንሳ ይዛችሁ ኑ!»