የሐምሌ 6 የነዋሪዎች ስብሰባ ማጠቃለያ፦ በግልጽ የተሰማውና ያልተለየው

ይህ ማጠቃለያ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እድር ቤት ውስጥ የብሎካችን ነዋሪዎች ያደረጉትን ስብሰባ ይመለከታል። እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። የሠራሁት በስልክ ከተቀዳው ድምፅ ላይ ከተገለበጠው ጽሑፍ ነው። አጠራጣሪ የሆኑትን ቦታዎች በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ከድምፁ ጋር አመሳክሬያለሁ።

ቅጂው 52 ደቂቃ ነው። እስከ 14ኛው ደቂቃ ጥሩ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ስልኩ ሰብሳቢው ፊት ስለተቀመጠ ከኋላ የተናገሩ ሰዎች ድምፅ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

[አልተሰማም] ያልኩበት ቦታ አንድም ቃል መለየት አልተቻለም። [ያጠራጥራል] ያልኩበት የሆነ ነገር ይሰማል፣ ግን አልምልበትም። ጉዳዩ ከሰው ኪስ ገንዘብ የሚያስወጣ ስለሆነ ክፍተቶቹን በግምት አልሞላሁም።

ዋናው አጀንዳ ውሃ ነበር። ሰብሳቢው እንዳሉት፣ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ግፊቱ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። አንዲት እናት በ9ኛው ደቂቃ ላይ፣ «በዚህ ጉልበቴ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የምሸከመው እስከ መቼ ነው?» ብለዋል። ይህ ቃል በቃል የተወሰደ ነው። የቀረበው መፍትሔ ምድር ላይ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ተክሎ ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያጠራጥር ነገር የለም።

የፓምፑ ዋጋ የተነገረው በ17ኛው ደቂቃ ላይ ነው፦ [ያጠራጥራል፦ «ሰላሳ ሺህ» ወይም «ስልሳ ሺህ»]። ድምፁን የገለበጠው ልጅ «ሰላሳ» ብሎ ጽፎታል። እኔ ደጋግሜ ሰምቼ መለየት አልቻልኩም፤ የቃሉን መሃል ዝናቡ በልቶታል። በ25ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው «በየቤቱ ሁለት ሺህ» ሲል በደንብ ይሰማል። ብሎኩ 30 ቤት ስለሆነ ድምሩ 60 ሺህ ይመጣል። ያም ቢሆን ነገሩን አይቋጨውም። ሁለት ሺው የሮቶውን ዋጋ ይጨምር አይጨምር የተናገረ ሰው የለም። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች እንዳሉ ይቆዩ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተከራዮች ነገር ነው። በ28ኛው ደቂቃ ላይ ሰብሳቢው፣ «ተከራይ የሆነ ሰው መዋጮውን [አልተሰማም፣ 4 ሰከንድ ያህል፣ ነጎድጓድ]» ይላሉ። ወዲያው ጭብጨባ ይከተላል። ግልባጩ ላይ በቅንፍ «ይከፍላል» የሚል ተጽፎ ነበር። አውጥቼዋለሁ። ጭብጨባው ሰው መስማማቱን ያሳያል እንጂ በምን እንደተስማማ አይናገርም። «ይከፍላል» እና «አይከፍልም» እዚህ ግቢ ውስጥ ላለ ተከራይ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ አንድ የወንድ ድምፅ [ማንነቱ አልተለየም] አዋጅ ይጠቅሳል፦ «አዋጅ ቁጥር ሦስት መቶ [አልተሰማም]»። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሊሆን ይችላል። ይህን ያልኩት ግን እኔ ነኝ፣ ቅጂው ላይ የለም። ሰውየው አዋጁ ምን እንደሚል ያስረዳበት ክፍልም አልተሰማም።

ፓምፑ ይገዛ የሚለው ሐሳብ በድምፅ ብልጫ አልፏል። የደገፉት «ሃያ [አልተሰማም]» ናቸው፤ የተቃወሙት 2 ናቸው፣ ይህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ድጋፉ 20 ይሁን 28 ውጤቱ ስለማይለወጥ ውሳኔውን እንደ ተረጋገጠ ጽፌዋለሁ።

ከ33ኛው እስከ 36ኛው ደቂቃ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል። ለይቼ የሰማሁት «መብራት ሲጠፋ ፓምፑስ?» የሚለውን ብቻ ነው። ማን እንደጠየቀና መልስ ይሰጠው አይሰጠው አላውቅም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ እንዳይጠፋ እዚህ ላስቀምጠው።

ቀሪው አጭር ነው። ቆሻሻ ከእንግዲህ ደረጃ ስር አይቀመጥም፤ በዚህ ሁሉም ተስማምቷል። የጥበቃው ደመወዝ በ500 ብር ይጨመራል፤ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ [ያጠራጥራል፦ «ከነሐሴ» ይመስላል]።

መዋጮ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ገንዘብ ያዣችን የፓምፑን ዋጋ ሻጩ ከሰጠው ወረቀት ላይ አይተው፣ ሰብሳቢው ደግሞ ስለ ተከራዮች ያሉትን በጽሑፍ አድርገው እንዲያረጋግጡልን እጠይቃለሁ። ስብሰባው ላይ የነበራችሁም የምታስታውሱትን ንገሩኝ። ከቅጂው ሳይሆን ከማስታወስ የመጣ መሆኑን ጠቅሼ ለብቻው እጽፈዋለሁ።