የቅድመ ወሊድ ክትትል ማጠቃለያ፦ ካርድ ቁጥር 0417/17

ለሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍልና ለእናቶች ማቆያ። ከጤና ጣቢያው የክትትል ካርድ፣ ከላብራቶሪ ወረቀቶችና ከ2013ቱ የሆስፒታል ዲስቻርጅ ተገልብጦ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋጀ። ካርዱ አብሮ ተልኳል፤ እዚህ የተጻፈው ከካርዱ ከተለየ ምክንያቱ ከታች አለ።

እናቲቱ

ወ/ሮ ት.፣ 31 ዓመት። ቁመት 154 ሴ.ሜ። ደም ኦ ፖዘቲቭ። ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ኔጌቲቭ (ጥቅምት 13)። እርግዝና 4፣ ወሊድ 2፣ ውርጃ 1፣ በሕይወት ያሉ ልጆች 2። ካርዱ "ወሊድ 3" ያለው በ10 ሳምንት የወረደውን ጽንስ ጨምሮ ነው።

የመውለጃ ቀን፦ ሚያዝያ 15 ቀን 2017

የመጨረሻ ወር አበባ ሐምሌ 10 ቀን 2016፤ ቀኑን በእርግጠኝነት ታውቀዋለች፣ ዑደቷም የተስተካከለ ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ሚያዝያ 20 ስህተት ነው። ዘጠኝ ወር ከተቆጠረ በኋላ 10 ቀን ተደምሯል፤ ቆጠራው ጳጉሜን ሲያልፍ ግን የሚደመረው 5 ብቻ ነው (የ2016 ጳጉሜ 5 ቀን ነበረች)። ኅዳር 27 የተነሳው አልትራሳውንድ 20 ሳምንት ከ0 ቀን ብሏል፣ በወር አበባዋ 20 ከ2 ነው። የሁለት ቀን ልዩነት ቀን አያስቀይርም። በድሮው ቀን ብንሄድ ዛሬ 35 ከ2 ትባል ነበር፤ ከግፊቷ አንጻር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የክትትል ሠንጠረዥ

| ቀን (2017) | ሳምንት | ክብደት (ኪ.ግ) | ግፊት | የማህፀን ከፍታ (ሴ.ሜ) | የጽንስ ልብ ምት | ሄሞግሎቢን | የሽንት ፕሮቲን | የተደረገ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ጥቅምት 13 | 14+0 | 52.0 | 105/65 | – | – | 10.1 | የለም | የክንድ ዙሪያ 22.5 ሴ.ሜ፤ ቲዲ 4ኛ ዶዝ፤ አይረን 2 ኪኒን በቀን |
| ኅዳር 27 | 20+2 | 53.8 | 110/70 | 20 | 148 | – | የለም | አልቤንዳዞል 400 ሚ.ግ፤ አልትራሳውንድ፦ አንድ ጽንስ፣ እንግዴ ልጅ ከኋላ ከፍ ብሎ |
| ጥር 8 | 26+1 | 56.1 | 110/70 | 26 | 144 | 10.0 | የለም | የጾም ስኳር 84፤ የኪኒን አወሳሰድ ተስተካከለ |
| የካቲት 5 | 30+0 | 58.0 * | 115/75 | 29 | 140 | – | የለም | የመውለጃ ቦታ ምክር፣ ባል ባለበት |
| መጋቢት 3 | 34+0 | 60.4 | 132/84 | 33 | 146 | 10.7 | የለም | በሳምንቱ ተመለሽ ተባለች |
| መጋቢት 17 | 36+0 | 61.9 | 142/92 | 35 | 138 | 11.1 | ትሬስ | በጭንቅላት፤ ወደ ሆስፒታል ተላከች |

\* ካርዱ ላይ በግልጽ "68.0" ይነበባል። በፊቱ 56.1፣ በኋላው 60.4 ስለሆነ 58.0 ተብሎ ተወስዷል። ካርዱ ላይ አልተሰረዘም።

በ35ኛው ሳምንት የተቀጠረችበት ምርመራ የለም። መዝገቡም ላይ ስሟ የለም፣ ስለዚህ መጥታ ሳይጻፍ ቀርቶ ሳይሆን አልመጣችም። የመጀመሪያው ምርመራም በ12 ሳምንት መሆን ሲገባው በ14 ነው የተጀመረው።

ግፊቱ፦ ከሁሉ በፊት ይህ ይነበብ

የዛሬው 142/92 የተለካው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጉዛ እንደደረሰች ነው። ከ15 ደቂቃ እረፍት በኋላ 138/88፣ ከአራት ሰዓት በኋላ 136/86 ሆኗል። 140/90 እና ከዚያ በላይ በአራት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ስላልተገኘ "የእርግዝና ደም ግፊት" ብለን አልጻፍንም። ግን በዚህ መዝናናት አይገባም። አንደኛ፣ መነሻዋ 105/65 ነበር። ሁለተኛ፣ ክንዷ ዛሬ 23 ሴ.ሜ ነው፤ ጤና ጣቢያው ያለው መደበኛ ካፍ ለእሷ ይሰፋል፣ የሰፋ ካፍ ደግሞ ግፊትን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ትክክለኛው ቁጥር ከጻፍነው በላይ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ በትንሽ ካፍ፣ ተቀምጣ፣ ክንዷ በልብ ልክ ሆኖ እንዲደግመው እንጠይቃለን።

ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የላይኛው ሆድ ሕመም የላትም። እብጠት ቁርጭምጭሚት ላይ ብቻ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት 1.5 ኪሎ ጨምራለች። ፕላትሌት፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ እዚህ አይሠራም፤ ሆስፒታል ይሠራላት።

ሌሎች ስጋቶች

*የቀድሞ ኦፕሬሽን (የካቲት 2013)።* ምክንያቱ ልጁ በመቀመጫው መምጣቱ ነበር። የሚደጋገም ምክንያት አይደለም፣ ዛሬ ጽንሱ በጭንቅላቱ ነው። ዲስቻርጁ ማህፀኑ ታች በአግድም እንደተቀደደ፣ ተጨማሪ መተርተር እንዳልነበረ ይገልጻል። ከዚያ በፊት በ2008 በምጥ ወልዳለች። ካርዱ "ጠባሳ አለ" ብቻ ይላል፤ ያ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም፣ የሆድ ቆዳ ጠባሳ የማህፀኑን አቀዳደድ አያሳይም።

*ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ (2008)።* እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀኑ ላልቶ ነው፤ በኦክሲቶሲን ቆመ፣ ደም አልተሰጣትም።

*ደም ማነስ።* እስከ ጥር ሄሞግሎቢኗ ያልጨመረው ሁለቱን ኪኒን ጠዋት ከቡና ጋር ስለምትወስድ፣ ሲያቅለሸልሻትም አንዱን ስለምትተው ነበር። ማታ ከመኝታ በፊት፣ ከቡናና ከሻይ ርቃ እንድትወስድ ከተነገራት በኋላ በዐቢይ ጾምም እየጨመረ መጥቷል። 11.1 ስለደረሰ ከዛሬ ጀምሮ 1 ኪኒን (60 ሚ.ግ አይረን፣ 0.4 ሚ.ግ ፎሊክ አሲድ)። ጾሟን እንድትፈታ ተመክራለች፤ ከንስሐ አባቷ ጋር እንደምትነጋገር ተናግራለች።

የመውለጃ እቅድ

ቦታ፦ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል። ቤቷ ከአስፋልት አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ይርቃል፣ ከዚያ በመኪና 50 ደቂቃ፤ ምጥ ከጀመራት በኋላ መነሳት ለጠባሳ ማህፀን አይሆንም። መጋቢት 24 (37+0) የእናቶች ማቆያ ትገባለች። እስከዚያ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየሁለት ቀኑ ግፊቷን ትለካለች። በድጋሚ 140/90 ከሆነ ቀኑን ሳትጠብቅ ትላካለች። 160/110 ከደረሰ ወይም ራስ ምታት፣ ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ጤና ጣቢያው ማግኒዥየም ሰልፌት 4 ግራም በደም ሥር፣ 5 ግራም በእያንዳንዱ መቀመጫ ሰጥቶ በአምቡላንስ ይልካታል፤ አዋላጅ አብራ ትሄዳለች።

አወላለድ፦ ግፊቷ ከተረጋጋና ምጥ በራሱ ከመጣ በምጥ ለመውለድ ትፈልጋለች፤ ባለሙያው ሐኪም ይወስናል። ሚሶፕሮስቶል ምጥ ለማስጀመር አይሰጣት። የእርግዝና ደም ግፊት ከተረጋገጠ ከ37 ሳምንት በኋላ መቆየት የለባትም፤ መንገዱን ሐኪሙ ይምረጥ። ምጥ ላይ የጠባሳው ቦታ የማያቋርጥ ሕመም፣ የልብ ምት መውረድ ወይም ደም ከታየ ወዲያው ኦፕሬሽን።

ምጥ እንደያዛት ባለ 18 ጌጅ ካኑላ፣ 2 ዩኒት ደም ክሮስማች። ልጁ እንደወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ፤ ማህፀኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ይዳሰስ።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው፣ ከመውለጃ ቀኗ ሦስት ቀን ቀድሞ። ደም የሚለግሱት ባሏና ወንድሟ ከበዓሉ በፊት ይምጡ፤ በበዓሉ ሰሞን መኪናም ሰውም ማግኘት ያስቸግራል። ማቆያ አብራት የምትቆየው አማቷ ናት። በበዓሉ ወደ ቤት ልሂድ ብትል እንዳትለቀቅ።

ከወሊድ በኋላ ከሆስፒታል ሳትወጣ በክንድ የሚቀበር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርጣለች።

ያዘጋጀችው፦ የጤና ጣቢያው ተረኛ አዋላጅ ነርስ