የኪችኑ ቧንቧ፣ እጀታና ማጠፊያ

ሰላም ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበትክ?

ቅዳሜ መርካቶ ስንዞር የተስማማንባቸውን ዕቃዎች ጽፌልሃለሁ። በቃል ብቻ ከቀረ ነገ "ብዬሃለሁ"፣ "አላልሽም" መባባል ይመጣል። እኔ ደግሞ ጭቅጭቅ አልችልም። አንብበውና ልክ ከሆነ "ተስማምቻለሁ" ብለህ መልስልኝ። የምትቃወመው ነገር ካለ ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ንገረኝ።

ከቧንቧው ልጀምር። ለሲንኩ አንድ ሚክሰር ነው፣ አንገቱ ረጅምና የሚዞር፣ መልኩ የማያብረቀርቀው የብረት ቀለም። እየተሳበ የሚወጣውን ባለ ሻወር አልፈልግም። ባለሱቁ ሲያሞግሰው ሰምተሃል፣ ግን እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ አብዛኛውን ቀን የምንጠቀመው ከሮቶው ነው፣ የሮቶው ማማ ደግሞ ከጣሪያው ብዙም አይበልጥም፤ ግፊት ከሌለ ያ ሻወር ይንጠባጠባል እንጂ ሰሃን አያጥብም። አካሉ ናስ ይሁን። በእጅህ ስትመዝነው ያስታውቃል፣ ቀላል ከሆነ ሌላ ቅይጥ ላይ የተለቀለቀ ነው። ውስጡ ሴራሚክ ካርትሪጅ ይኑረው። ከሱ ጋር ግማሽ ኢንች አንግል ቫልቭ ሁለት፣ ፍሌክሲብል ቱቦ ሁለት። ለጓሮ በረንዳው ደግሞ ባልዲ የምንቀዳበት ተራ የናስ ቧንቧ፣ ግማሽ ኢንች፣ አንድ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ፦ ሚክሰሩ ከመገጠሙ በፊት መስመሩ ተከፍቶ ውሃው በደንብ ይፍሰስ። ቱቦው ሲቆረጥ የገባው አሸዋና ፍርፋሪ ሁሉ ሄዶ ጫፉ ላይ ያለችው ወንፊት ውስጥ ነው የሚሰገሰገው። ከዚያ "ቧንቧው ውሃ ያንሰዋል" ይባላል።

እጀታ ላይ ብዙ ወሬ የለኝም። የመረጥነው ማት ጥቁሩ፣ ቀጥ ያለው ነው። በጠቅላላ 16። ለበሮቹ ከቀዳዳ ቀዳዳ 128 ሚሊሜትር የሆነው 11፣ ለአራቱ መሳቢያዎች 192 ሚሊሜትር፣ ለረጅሙ ቁምሳጥን በር 320 ሚሊሜትር አንድ። አናጺው በዓይኑ ገምቶ እንዳይበሳ። አንድ ካርቶን ላይ ልኩን ያውጣና በሁሉም በር ላይ እሱን እያስቀመጠ ይብሳ። አንዷ ሦስት ሚሊሜትር ከወረደች እኔ ዕድሜ ልኬን ሳያት ነው የምኖረው።

ማጠፊያው ላይ ግን እባክህ ረጋ በል፣ ካቢኔት የሚያስረጀው እሱ ነው። ሁሉም 35 ሚሊሜትር ኩባያ ያላቸው፣ ሶፍት ክሎዝ፣ ስቴንለስ 304። ማግኔት ይዘህ ሂድ፣ ጥብቅ አድርጎ ከያዘው 304 አይደለም፣ መልስለት። የላይኞቹ ስድስት በሮች ሁለት ሁለት፣ 12። የታችኞቹ አምስት በሮችም ሁለት ሁለት፣ 10። የረጅሙ ቁምሳጥን በር 1 ሜትር ከ90 ስለሆነ አራት ይፈልጋል። በሦስት ይበቃል ያለኝን አናጺህን አልሰማሁትም፣ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ከባድ ነው፣ በዓመቱ ይዘቀዝቃል። ድምሩ 26 ነው።

26ቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ከምድጃው አጠገብ ያሉት ሁለት በሮች መሃል ላይ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ፣ የነሱ አራት ማጠፊያ ክንዱ ትንሽ የታጠፈው፣ ግማሽ የሚሸፍነው ነው። ቀጥ ያለው ከገባ በሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የማዕዘኑ በር ሁለት ማጠፊያ 165 ዲግሪ የሚከፍተው ይሁን፣ ትልቁ ድስት ካልወጣ ያ ቁምሳጥን ምን ያደርግልኛል። እሱ ሶፍት ክሎዝ ባይሆንም ግድ የለም። የቀሩት 20 ቀጥ ያሉት፣ ሙሉ የሚሸፍኑት ናቸው። ከነዚህ ሁለት ትርፍ ግዛልኝ፣ ሂሳቡ በእኔ።

አሁን ደግሞ በግልጽ ልንገርህ። ባለፈው የሻወር ቤቱን ሥራ የሠራልን ሰው ሱቅ ላይ ያሳየን ሌላ፣ ግድግዳው ላይ ያገኘነው ሌላ ነበር። ስንጠይቀው "ያው ነው፣ ልዩነት የለውም" አለን። አንተን እንደሱ አላይህም፣ ግን የመረጥነው ከገበያ ቢጠፋ ተመሳሳዩን ከመግዛትህ በፊት ፎቶና ዋጋ ላክልኝ። ሳልስማማበት የተገዛ ዕቃ አልቀበልም፣ ዋጋውም ከእኔ ሂሳብ አይያዝም።

ዕቃው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካርቶኑ ሳይከፈት ይምጣ፣ ቤት ነኝ። አብረን ቆጥረን ካየነው በኋላ ሁለተኛውን ክፍያ እዚያው በቴሌብር አስገባልሃለሁ። ደረሰኞቹን እንዳትረሳ። የድሮውን ሚክሰር ደግሞ ልጆቹ ይዘውት እንዳይሄዱ፣ እናቴ ቤት ይገባል።

ሄለን፣ ከአያት