ለጋሽ በላይ፦ በሰላም ይግቡ፣ እንኳን አደረሰዎ

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለጋሽ በላይ፣

ይህን ስጽፍ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ነው የሚለየን። እርስዎ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች እያሰሩ ነው። በአፌ ልንገርዎ ብል እንባ ይቀድመኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ጳጉሜ ለወር ደሞዝተኛ ክፍያ የሌላት ወር ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ነሐሴ 30 ደሞዙን ተቀብሎ ይሰናበት ነበር። እርስዎ ግን «የጀመርኩትን ዲክላራሲዮን ለሰው አስታቅፌ አልሄድም» ብለው እስከ ዛሬ ቆዩ። ትናንት ሩፋኤል ዝናቡ ሲወርድ ሁላችንም መስኮት ላይ ነበርን። እርስዎ ከሐና ጋር ቁጭ ብለው ሞጆ ደረቅ ወደብ ያሉትን ኮንቴይነሮች አንድ በአንድ ያስረክቡ ነበር። ሻይዎ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

እኔ ግን ከሁሉም የማልረሳው የ2012ቱን ነው። ገና አዲስ ነበርኩ። አንድ የኮንቴይነር ቁጥር ላይ 6ን 9 አድርጌ ጻፍኩ። ጭነቱ ጅቡቲ ላይ ቆመ፤ ዲመሬጁ በቀን በቀን ይቆጥር ጀመር። ደንበኛው ደውሎ ሲጮህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ስህተቱ የቢሮው ነው፤ ከእኔ ጋር እንነጋገር» አሉት። ስሜን አላነሱም። እስከ ዛሬም አንስተውት አያውቁም።

ነገሩ ተስተካክሎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ አስቀሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ያቺን ጠርዟ የተሸረፈ የእንጨት ማስመሪያ አወጡ። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ አስተኟት። አንድ መስመር ብቻ እንዲታየኝ የቀረውን ሸፈኑት። ከዚያ የኮንቴይነሩን ቁጥር አስነበቡኝ፦ አራት ፊደል፣ ሰባት አሃዝ። የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊቷ ካሉት ፊደላትና ቁጥሮች ተሰልታ እንደምትመጣ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ከፊት አንዷ ከተዛባች ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። «ይቺ ምስክር ናት» አሉኝ፤ «ሳትጠይቂያት እንዳትፈርሚ።» ስሌቱን በእርሳስ ሦስት ጊዜ አሠሩኝ። ሲመሽብን ታክሲ ድረስ ሸኙኝ።

ጋሼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እሷን ሳልጠይቅ ፈርሜ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ልጅ፣ ዳዊት፣ ቁጥር ሲያሳስት ምን እንዳደረግኩ ያውቃሉ? ማስመሪያ አምጣ አልኩት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ መስመሩን ስሸፍንለት፣ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ የእርስዎ ቃል ነበር።

መሄድዎ ቅር ቢለኝም ለምን እንደሚሄዱ ስለማውቅ ደስ ይለኛል። እናትዎ ብቻቸውን ናቸው። በየበዓሉ ስልክ ላይ «እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም» ሲሉ ድምፅዎ እንዴት እንደሚሰበር እሰማ ነበር። አሁን ድሬዳዋ ገብተው፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር እየሄዱ ሥራዎን ይሠራሉ፤ ማታ ከእሳቸው ጋር ቡና ይጠጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ብርዱ ሲያንገበግብዎ «ድሬ ቢሆን ኖሮ» ይሉ ነበር። ይኸው ተሳካልዎ። እዚያም ያው ኮንቴይነር፣ ያው የጅቡቲ መንገድ ነው፤ ሥራው እንግዳ አይሆንብዎም።

ከሁላችን የተሰጠው ነጠላ ለእናትዎ ነው። ሕይወትና እኔ ሽሮ ሜዳ ሄደን ነው የመረጥነው። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው ሕይወት «ለእንቁጣጣሽ ለምለም ይሁን» ብላ ነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ያልብሱልንና እንኳን አደረሰዎ ይበሉልን።

ነገ ጠዋት መስፍን መኪናውን ይዞ በርዎ ላይ ይደርሳል፤ ለቡ ባቡር ጣቢያ ድረስ ያደርስዎታል። ታክሲ እይዛለሁ ብለው እንዳያስቸግሩት፤ ሌሊቱን ነቅቶ እንደሚያድር ምሎልኛል። ችቦው ሳይለኮስ እናትዎ ዘንድ ቢገቡ የሁላችንም ደስታ ነው።

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረዎ። 2018 እርስዎም እናትዎም በጤና የምትውሉበት፣ ጓዳችሁ የሚሞላበት፣ ጎረቤት የሚበዛበት ዓመት ይሁን። ላደረጉልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ከፍዬ የምጨርሰው አይደለም።

ሲደርሱ ይደውሉልኝ። ቢመሽም ስልኬን አላጠፋም።

አክባሪዎ ልጅዎ፣
ሜሮን