ስምንት ሰው በአንድ ግቢ፦ የዝምድና ጥያቄ ከነሥዕሉ

የእህቴ ልጅ ለባንክ ቅጥር ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ሒሳቡንም እንግሊዝኛውንም አልፈራችም። የፈራችው "እገሌ ለእገሊት ምኗ ነው?" የሚለውን ነው። የ12ኛ ክፍል አፕቲቲዩድ ላይ አንዴ አናድዷት ነበርና አሁንም ስታየው ገጹን ትገለብጣለች። እኔም ቁጭ ብዬ አንድ ጥያቄ በአማርኛ ሠራሁላት። ለእናንተም ይኸው፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

ጥያቄው፦

በአንድ ግቢ ውስጥ ከሦስት ትውልድ የሆኑ ስምንት ሰዎች ይኖራሉ፤ ከመካከላቸው ሦስት ባልና ሚስት አሉ። ወርቅነሽ የዳዊት አማት ናቸው። ሰብለ የወርቅነሽ ምራት ናት። የኤልሳቤጥ እናት ሰብለ ናት፣ አያቷ ደግሞ ደስታ። የምስጋና ወላጆች ደስታና ወርቅነሽ ናቸው። የበረከት አባት ዳዊት ነው። የበረከት አጎት ደግሞ ከበደ ነው።

ሀ) ምስጋና ለሰብለ ምኗ ናት ወይስ ምኗ ነው?
ለ) በረከትና ኤልሳቤጥ ምንና ምን ናቸው?
ሐ) ዳዊት ለኤልሳቤጥ ምኗ ነው?
መ) በግቢው ውስጥ ስንት ሴት አለ?

መልሱን ከማየታችሁ በፊት ሞክሩት። እውነቴን ነው፣ ሞክሩት።

እሺ። መጀመሪያ ምልክት እንስማማ። ወንድ +፣ ሴት −፣ ያልታወቀ ?። ባልና ሚስት በድርብ መስመር ይያያዛሉ፣ ልጅ ከወላጁ በታች ይወርዳል። አያት ከላይ፣ የልጅ ልጅ ከታች። አንድ ትውልድ ወደ ጎን አይቀላቀልም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልጅንና አባትን አንድ መስመር ላይ ጽፎ ነው።

ከየት እንጀምር? የእህቴ ልጅ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምራ በቅደም ተከተል ልትስል ሞከረች፤ ሦስተኛው ላይ ወረቀቱ ተበላሸ። በቅደም ተከተል አትሂዱ። ብዙ ጊዜ የተጠራውን ሰው ፈልጉ፣ እሱ ምሰሶው ነው። እዚህ ወርቅነሽ ናቸው፣ ሦስት ጊዜ ተጠርተዋል። መሐል ላይ ጻፏቸው። ስማቸው በ"ነሽ" ስለሚያልቅ ጾታቸው ግልጽ ነው፣ −። ከደስታ ጋር ሆነው የምስጋና ወላጆች ናቸው ስለተባለ ደስታ ባላቸው ነው፣ +። ደስታ የሚባል ወንድም ሴትም ስላለ ስሙ ብቻውን አይበቃንም፣ የወሰነልን ወርቅነሽ ናቸው።

ቀጥሎ ዳዊት። ወርቅነሽ አማቱ ከሆኑ ሚስቱ ልጃቸው ናት ማለት ነው። ሰብለ ምራታቸው ከሆነች ደግሞ ባሏ ልጃቸው ነው። ስለዚህ ከወርቅነሽ ሥር አንድ ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ያስፈልገናል። ለዚህ ቦታ የቀሩት ምስጋናና ከበደ ናቸው፤ በረከትና ኤልሳቤጥ ከዳዊትና ከሰብለ በታች ስለሚወርዱ የሉበትም።

እዚህ ጋ የእህቴ ልጅ ቀጥ አለች። "ምስጋና ወንድ ነው" አለችኝ። ለምን? ሰፈራችን ውስጥ ምስጋና የሚባል ልጅ ስላለ! የጎረቤት ልጅ ጥያቄው ውስጥ የለም። ምስጋና ወንድ ይሁን ካላችሁ፣ ለዳዊት ሚስት የሚሆን ማን ቀረ? ከበደ ብቻ፣ እሱን ደግሞ "አጎት ነው" ብለነዋል። አይሆንም። ስለዚህ ምስጋና ሴት ናት፣ የዳዊት ሚስት፤ ከበደ የሰብለ ባል። ሥዕሉ ይኸው፦

```
ደስታ(+) ═══ ወርቅነሽ(−)
   │
   ├── ምስጋና(−) ═══ ዳዊት(+)
   │       └── በረከት(?)
   │
   └── ከበደ(+) ═══ ሰብለ(−)
           └── ኤልሳቤጥ(−)
```

ስምንት ሰው፣ ሦስት ጥንድ፣ ሦስት ትውልድ። ቁጥሩ ገጠመ። ካልገጠመ ጥያቄው ሳይሆን ሥዕሉ ነው የተሳሳተው፣ ላጲስ ያዙ።

በረከት ጋ ያለውን የጥያቄ ምልክት እንዳትነኩት። በእንግሊዝኛ የልጅን ጾታ መደበቅ ቀላል ነው፣ በአማርኛ ግን ቋንቋው ራሱ አፉን አይዘጋም፤ "ነው" ካልኩ ወንድ፣ "ናት" ካልኩ ሴት፣ "አጎቱ" ካልኩም አለቀ። ለዚህ ነው "የበረከት አባት"፣ "የበረከት አጎት" እያልኩ የዞርኩት። ሌላው መደበቂያ የአክብሮት "ናቸው" ነው፣ እሱም ጾታ አይናገርም። የአባት ስምም ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ "ምስጋና ደስታ" ብዬ ሙሉ ስም ብጽፍ ኖሮ ግማሹ ጥያቄ ተፈታ።

ወደ መልሱ። ሀ) ምስጋና የሰብለ የባሏ እህት ናት፣ ቤት ውስጥ ዋርሳ የምንላት።

ለ) ይኼ የሚጣፍጠው ነው። በእንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃል። እኛ ግን በማን በኩል እንደሚዛመዱ ካልተናገርን አይሆንልንም። ኤልሳቤጥ ለበረከት የአጎት ልጅ ናት፣ በረከት ለኤልሳቤጥ የአክስት ልጅ። አንድ ዝምድና፣ ሁለት ስም። ፈተናው "ለማን" ብሎ እንደጠየቀ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ደስ የሚለው ደግሞ የበረከት ጾታ ባይታወቅም መልሱ አይናጋም፣ የአክስት ልጅ የአክስት ልጅ ነው።

ሐ) የአክስቷ ባል። እቤት ብትሆን ኤልሳቤጥ "አጎቴ" ብላ ነው የምትጠራው፣ ማንም አይወቅሳትም። ፈተና ላይ ግን አጎት ማለት የአባት ወይም የእናት ወንድም ነው። ምርጫው ውስጥ "አጎት" የሚል ካያችሁ ለእናንተ የተጠመደ ወጥመድ ነው።

መ) አይታወቅም። አራት እርግጠኛ ነን፣ በረከት ሴት ከሆነች አምስት። "መረጃው አይበቃም" የሚል ምርጫ ካለ እሱን አክብቡ። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ተናደደች፣ "ታዲያ ለምን ይጠይቁናል?" ብላ።

አያቴ በዚህ መሐል ጥግ ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። ወረቀትም እርሳስም የላቸውም። ጥያቄውን አንዴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና "ምስጋናማ የዳዊት ሚስት ናት፣ ሌላ ማን አለ?" አሉኝ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የእኔ ሦስት ትውልድ ምናቸው ነው? ቆይተው ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ይሄ በረከት ከምስጋና መወለዱን በምን አወቃችሁ? ዳዊት ከሌላ ወልዶ መጥቶ ቢሆንስ?"

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትርፍ ትመስላለች፣ ግን ይቺን ቀዳዳ የምትደፍነው እሷ ናት። ከበደ የዳዊት ወንድም ሳይሆን የሚስቱ ወንድም ነው፤ የበረከት አጎት ሊሆን የሚችለው የበረከት እናት ምስጋና ከሆነች ብቻ ነው።

ለነገ የቤት ሥራ፦ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዙና ሥዕሉን እንደገና ሳሉ። ከአራቱ ጥያቄዎች መልሳቸው የሚጠፋው የትኞቹ ናቸው? አያቴ መልሱን ነግረውኛል፣ አትጠይቋቸው።